ውኃው የማያየው ክፍተት፦ የድርብርብ ግድግዳ የመጋጠሚያ ሙቀት በተቃውሞ መረብ ሲሰላ

የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ አንድ የውኃ ማሞቂያ ገንዳ ነው። ገንዳው 100 ሊትር ውኃ የሚይዝና 4 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው የማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። በጠፍጣፋ ሥሩ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ 25 በ40 ሴንቲሜትር ስፋትና 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ በብሎን ታስሯል። ከሰሌዳው ጀርባ 3 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተገጥሟል፤ ከእርሱም በታች ሙቀት እንዳይባክን የሚከላከል የሱፍ ንጣፍ አለ። ገንዳውን የሠራው ወርክሾፕ በጥቂት ወራት ውስጥ ማሞቂያውን ሦስት ጊዜ ቀየረ። በየጊዜው የተሰጠው ምክንያት አንድ ነበር፤ ማሞቂያው ጥራት የለውም የሚል። ውኃው ግን ማሞቂያው እስከተቃጠለበት ቀን ድረስ በተለመደው ፍጥነት ይሞቅ ነበር። ወርክሾፑን ከትክክለኛው ምክንያት ያራቀውም ይኸው ነው። ውኃው በደንብ እየሞቀ ሙቀት የሚያልፍበት መንገድ ተበላሽቷል ብሎ መጠርጠር ለማንም አይቀልም።

ሆኖም የተበላሸው መንገዱ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለማየት ከሙቀት ምንጩ እስከ ውኃው ያለውን ድርብርብ ግድግዳ በተቃውሞ መረብ እንከፋፍላለን፤ ከዚያም በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ያለውን የሙቀት መጠን እናሰላለን። በአማርኛ «ሙቀት» የሚለው ቃል የሚፈሰውን ኃይልም በዲግሪ የሚለካውንም ስለሚጠራ፣ በዚህ ጽሑፍ የሚፈሰውን «ሙቀት»፣ በዲግሪ የሚለካውን ደግሞ «የሙቀት መጠን» እንላለን።

መረቡ

ሙቀት በጠፍጣፋ ንጣፍ ውስጥ በቋሚ ሁኔታ ሲተላለፍ፣ በአንድ ካሬ ሜትር የሚያልፈው ፍሰት `q` በንጣፉ ሁለት ፊቶች መካከል ካለው የሙቀት መጠን ልዩነት ጋር ይመጣጠናል። ፉርየር እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ የዘረጋው ሕግ ይህ ነው። ሕጉን በኤሌክትሪክ ጅረት አምሳል ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

`q = ΔT / R`

የንጣፉ ተቃውሞ `R` ውፍረቱ `L` ለቁሱ የሙቀት አስተላላፊነት `k` ሲካፈል የሚገኘው ነው፦ `R = L / k`። ግድግዳው ፈሳሽ በሚነካበት ፊት ደግሞ `R = 1 / h` ይሆናል፤ `h` የኮንቬክሽን አስተላላፊነት ነው። ንጣፎቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ስለተደረደሩ ተቃውሟቸው ይደመራል፤ በቋሚ ሁኔታ ላይም ያው አንድ ፍሰት በሁሉም ውስጥ ያልፋል። የዘዴው ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍሰቱ አንዴ ከታወቀ፣ የሙቀት መጠኑ ከሚታወቅበት ጫፍ ተነሥቶ በእያንዳንዱ ተቃውሞ ላይ `q·R` እየደመሩ መሄድ ብቻ ይቀራል።

በእኛ ገንዳ የታወቀው ጫፍ ውኃው ነው። ውኃው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰበት ቅጽበት እናስላ። የሰሌዳው ስፋት 0.1 ካሬ ሜትር፣ ኃይሉም 3000 ዋት ስለሆነ ፍሰቱ በካሬ ሜትር 30,000 ዋት ነው። በርግጥ ውኃው እየሞቀ ስለሚሄድ ሁኔታው በጥብቅ ሲታይ ቋሚ አይደለም። ነገር ግን 3 ኪሎዋት 100 ሊትር ውኃን በደቂቃ የሚያሞቀው 0.43 ዲግሪ ያህል ነው፤ የአሉሚኒየም ሰሌዳው ግን ወደ ቋሚ ሁኔታው የሚጠጋበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ግድግዳው ውኃውን ተከትሎ በየቅጽበቱ አዲስ ቋሚ ሁኔታ ይይዛል ማለት ይቻላል።

ቁጥሮቹ በዜሮ ብዛት እንዳያደክሙ የተቃውሞ መለኪያችንን `10⁻⁴ m²·K/W` እናድርግና በቀላሉ «አሃድ» እንበለው። በዚህ ፍሰት እያንዳንዱ አሃድ ተቃውሞ 3 ዲግሪ ልዩነት ያስከትላል።

ሳይማሰል ከሥር ለሚሞቅ ውኃ `h` በካሬ ሜትር በኬልቪን 1000 ዋት ብንወስድ ተቃውሞው 10 አሃድ ነው። የማይዝግ ብረት አስተላላፊነቱ 15 ዋት በሜትር በኬልቪን ያህል ስለሆነ 4 ሚሊሜትሩ 2.67 አሃድ ይሰጣል። የአሉሚኒየም ቅይጡን 170 ብንል 10 ሚሊሜትሩ 0.59 አሃድ ብቻ ነው፤ ውፍረቱ ከብረቱ ከእጥፍ በላይ ቢሆንም ተቃውሞው ከብረቱ ሩብ እንኳ አይሞላም። በጀርባ በኩል ያለው መንገድ ደግሞ ከዚህ ጎን ለጎን የቆመ ሌላ ቅርንጫፍ ነው። 4 ሴንቲሜትር ሱፍና በስተውጭ ያለው አየር አንድ ላይ 9000 አሃድ ያህል ይሆናሉ። በዚያ በኩል የሚያመልጠው ከ3000 ዋት ውስጥ ወደ 9 ዋት ስለሆነ ለጊዜው እንተወው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መጋጠሚያ ሁለት የሙቀት መጠን አለው

እስካሁን አሉሚኒየሙ ብረቱን በሙሉ ፊቱ የሚነካው አስመስለናል። ለዓይን ለስላሳ የሚመስል የተስተካከለ ብረት ግን በማይክሮሜትር ሚዛን ሲታይ ተራራና ሸለቆ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ፊቶች ሲገጣጠሙ በእውነት የሚነካኩት ጫፍ ለጫፍ ብቻ ነው። የእውነተኛው ንክኪ ስፋት ከጠቅላላው ስፋት ጋር ያለው ንጽጽር በግምት የተጫነው ግፊት ለለስላሳው ቁስ ጥንካሬ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በአንድ ሜጋፓስካል ግፊት፣ አንድ ጊጋፓስካል ያህል ጥንካሬ ባለው አሉሚኒየም ላይ፣ ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ይነካካል ማለት ነው። የቀረው ፊት በቀጭን አየር ተለያይቷል።

ሙቀቱ ታዲያ በሁለት መንገድ ይሻገራል። አንደኛው ወደ ንክኪ ጫፎቹ እየተሰበሰበ የሚያልፈው ነው፤ ሁለተኛው በሸለቆዎቹ አየር በኩል የሚያልፈው ነው። ኩፐር፣ ሚኪችና ዮቫኖቪች እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረቡት ሞዴል መሠረት የመጀመሪያው መንገድ አስተላላፊነት ከግፊቱ ጋር ቀጥተኛ ሊባል በሚችል መጠን ያድጋል። ሁለተኛው ግን የሚወሰነው በሸለቆው አማካይ ጥልቀት ነው። 10 ማይክሮሜትር አየር በ100 ዲግሪ ገደማ 3000 ዋት በካሬ ሜትር በኬልቪን ያህል ያስተላልፋል። በመካከለኛ ግፊት በብሎን የታሰሩ፣ ደረቅና ቀጥ ያሉ የአሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት ፊቶች የንክኪ ተቃውሟቸው 2 አሃድ ነው ብንል፣ ጠቅላላ አስተላላፊነቱ 5000 ይሆናል። ስለዚህ ከሙቀቱ የሚበዛው በአየሩ ነው የሚሻገረው። (አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ መሆኑ እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ክፍተቱ ከሞለኪውሎቹ አማካይ የግጭት ርቀት እጅግ እስከበለጠ ድረስ የአየር አስተላላፊነት በግፊቱ ላይ አይወሰንም።)

ሞዴሉ ይህን ሁሉ ዝርዝር በአንድ ተቃውሞ ይጠቀልለዋል። ተቃውሞው ውፍረት የለውም፤ ነገር ግን ሁለት ጫፎች አሉት። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። «የመጋጠሚያው የሙቀት መጠን» የሚባል አንድ ቁጥር የለም። በብረቱ በኩል አንድ፣ በአሉሚኒየሙ በኩል ሌላ ቁጥር አለ፤ በመረቡ ላይም ሁለቱ የተለያዩ መስቀለኛ ነጥቦች ሆነው መቀመጥ አለባቸው።

አሁን ከውኃው ተነሥተን እንቁጠር። ውኃው 60 ነው። ውኃውን የሚነካው የብረቱ ፊት፣ 10 አሃድ በ3 ተባዝቶ፣ 90 ዲግሪ ይሆናል። በነገራችን ላይ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚህ በላይ ስንሄድ በፊቱ ላይ የእንፋሎት አረፋ መፍጠር ይጀምራልና `h` እንደ ቋሚ ሊወሰድ አይችልም። ደረቁ የብረት ፊት 98 ዲግሪ፣ እርሱን የሚገጥመው የአሉሚኒየም ፊት 104 ዲግሪ፣ የአሉሚኒየሙ ጀርባ ደግሞ 105.8 ዲግሪ ይሆናል። የንክኪ ተቃውሞው የወሰደው 6 ዲግሪ ነው፤ ከጠቅላላው ልዩነት ከ7 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። በዚህ ሁኔታ ማሞቂያው የሚቃጠልበት ምክንያት የለም።

0.3 ሚሊሜትር

ገንዳው ከተፈታ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በሥሩ ላይ ሲደረግ መሃሉ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ተገኘ። ጉድጓዱ ሲለካ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። እግሮቹ ሲበየዱ ብረቱ ተስቦ ነበር፤ ቀጭን የማይዝግ ብረት በብየዳ መጣመሙ ደግሞ የተለመደ ነው። ሰሌዳው በዳርና በዳር በብሎን ተጠብቆ ሲታሰር ከላይ ሲያዩት ምንም አይጎድለውም፤ መሃሉ ላይ ግን አሉሚኒየሙና ብረቱ አይነካኩም።

የዚህን ክፍተት ተቃውሞ ለማወቅ የአየሩን አስተላላፊነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ እርሱ ደግሞ ገና ባላወቅነው የሙቀት መጠን ላይ ይወሰናል። ስለዚህ ገምተን እንጀምራለን። አየሩ 100 ዲግሪ ላይ ነው ብንል አስተላላፊነቱ 0.031 ዋት በሜትር በኬልቪን ነው፤ ክፍተቱ 97 አሃድ፣ ልዩነቱም 290 ዲግሪ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ግን የአየሩ አማካይ የሙቀት መጠን 100 ሳይሆን 243 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ላይ አስተላላፊነቱ ወደ 0.0415 ስለሚያድግ ልዩነቱ ወደ 217 ይወርዳል። አንድ ጊዜ ደግመን ብናሰላው በ0.039 አስተላላፊነት 77 አሃድና 231 ዲግሪ ላይ ይረጋጋል። በጨረር የሚሻገረውን መተው ይቻላል፤ በእነዚህ የብረት ፊቶች መካከል በካሬ ሜትር በኬልቪን ሁለት ዋት ገደማ ነው፤ አየሩ ግን 130 ያሻግራል። በዚህ ስስ ክፍተት ውስጥ አየሩ ስለማይዘዋወር ኮንቬክሽንም የለም።

እንግዲህ መረቡን እንደገና እንቁጠር። ውኃው 60፣ እርጥቡ የብረት ፊት 90፣ ደረቁ የብረት ፊት 98 ዲግሪ ነው። እስከዚህ ድረስ አንድም ቁጥር አልተለወጠም። ከዚህ በኋላ ግን የአሉሚኒየሙ ፊት 329፣ ጀርባውም 331 ዲግሪ ይደርሳል። በጀርባው ላይ ያለው የማሞቂያ ሽቦ ደግሞ በማይካ ስለተሸፈነ ከዚያም በላይ ይግላል። ለ105 ዲግሪ የታሰበ ሰሌዳ 331 ዲግሪ ላይ ሲሠራ፣ ማሞቂያው ጥራት ቢኖረውም ዕድሜው ማጠሩ አይቀርም።

ውኃው ለምን አልተሰማውም? የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚያቀርበው ኃይል ቋሚ ስለሆነ ነው። 3000 ዋት ወደ ሰሌዳው ይገባል፤ የሚወጣበት መንገድ ደግሞ ወደ ውኃው ወይም በጀርባው ሱፍ በኩል ብቻ ነው። መንገዱ ሲጠብ ሰሌዳው ያንኑ ፍሰት ማሳለፍ እስከሚችል ድረስ የሙቀት መጠኑን ያሳድጋል። በጀርባ የሚያመልጠው ከ9 ዋት ወደ 34 ዋት ይጨምራል። ውኃው ያጣው 25 ዋት ነው፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላምና በቴርሞሜትርና በሰዓት የሚታወቅ አይደለም። የኃይል ምንጩ ቋሚ በሆነበት ግድግዳ የንክኪ ተቃውሞ ከእርሱ በታች ፍሰቱ የሚሄድበትን ክፍል አይነካም፤ ከእርሱ በላይ ያለውን ሁሉ ግን ያግላል።

ይኸው ክፍተት ሌላ ዓይነት ገንዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ በተቃራኒው በኩል ይታይ ነበር። በአሉሚኒየሙ ላይ ቴርሞስታት ተገጥሞ 120 ዲግሪ ላይ እንዲያጠፋ ቢደረግ የታወቁት ሁለቱ ጫፎች ይሆናሉ፤ የሚፈለገው ፍሰቱ ነው። ቀጥ ባለ ፊት መረቡ ከ3000 ዋት በላይ ማሳለፍ ስለሚችል ማሞቂያው ሳይቋረጥ ይሠራል። ክፍተቱ ባለበት ግን አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ተቃውሞው 96 አሃድ፣ ጠቅላላውም 109 አሃድ ያህል ይሆናል። በ60 ዲግሪ ልዩነት የሚያልፈው 550 ዋት ገደማ ነው። ውኃው በደቂቃ 0.43 ዲግሪ መሞቁ ቀርቶ 0.08 ዲግሪ ይሆናል። ማሞቂያው አይቃጠልም፤ ባለቤቱ ግን ውኃው አልሞቅ አለ ብሎ በመጀመሪያው ቀን ይመለሳል። ወርክሾፑ ቴርሞስታቱን ከውኃው ውስጥ ወደ ሰሌዳው ቢያዛውረው ኖሮ ከሁለተኛው ማሞቂያ በፊት ነገሩ ይገለጥ ነበር።

የንክኪ ተቃውሞ ሁልጊዜ እንዲህ ያስፈራል ማለት አይደለም። 25 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የሸክላ ጡብ ግድግዳ አስተላላፊነቱ 0.7 ቢሆን ተቃውሞው 3570 አሃድ ነው። በእርሱ ላይ 2 አሃድ ቢጨመር ከሺህ አንድ አይሞላም፤ 97 አሃዱ የአየር ክፍተት እንኳ ቢጨመር ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት የምድጃ ግንበኛ ስለ ንክኪ አይጨነቅም፤ ትክክልም ነው። ጥያቄው የንክኪው ተቃውሞ ስንት ነው የሚል ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹ ስንት ናቸው የሚልም ነው። በእኛ ገንዳ የጎረቤቶቹ ድምር 13 አሃድ ብቻ ስለሆነ 77 አሃድ ሁሉን ዋጠ።

ስሌቱ የሚይዝበት ወሰን

ከላይ የተገኘው 331 ዲግሪ ክፍተቱ በሁሉም ቦታ 0.3 ሚሊሜትር ነው፤ ሙቀቱም በቀጥታ ብቻ ይሻገራል ከሚል ግምት የመጣ ነው። እውነቱ ግን ዳሩ ይነካካል፤ መሃሉ ተለያይቷል። ከስፋቱ አንድ አምስተኛው 2 አሃድ ባለው ንክኪ፣ አራት አምስተኛው በአየር ክፍተት ነው እንበል። ክፍሎቹ ጎን ለጎን ስለቆሙ አሁን የሚደመረው አስተላላፊነታቸው ነው። ችግሩ ሙቀቱ ከመሃል ወደ ዳር በስፋት እየሄደ ምን ያህል ይከፋፈላል የሚለው ነው፤ ይህንን የአንድ አቅጣጫ መረብ አይመልስም። ወሰኑን ግን ይሰጣል። በመጋጠሚያው በሁለቱም በኩል ሙቀቱ ያለ ገደብ ይሰራጫል ብንል የሰሌዳው ጀርባ 127 ዲግሪ ይሆናል። በተቃራኒው ወደ ጎን ፈጽሞ አይሰራጭም፣ ነገር ግን የሰሌዳው ጀርባ በሙሉ በአንድ የሙቀት መጠን ላይ ነው ብንል 203 ዲግሪ ይመጣል። (በሁለቱም ስሌቶች የአየሩን አስተላላፊነት 0.034 አድርገናል።) የጀርባው የሙቀት መጠን ወጥ እስከሆነ ድረስ እውነተኛው ቁጥር በሁለቱ መካከል ነው። ነገር ግን የማሞቂያው ሽቦ ኃይሉን በእኩል ስለሚያሰራጭ፣ 10 ሚሊሜትር አሉሚኒየምም በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ይህን ያህል ፍሰት ወደ ጎን ለመውሰድ ብቻ ወደ 90 ዲግሪ ልዩነት ስለሚፈልግ፣ የመሃሉ ነጥብ ከአማካዩ በግልጽ ይበልጣል። የተቃጠሉት ሦስት ማሞቂያዎች ሽቦአቸው የተበጠሰው በመሃላቸው ነበር።

ነገሩን የሚያባብስ ሌላ ምክንያትም አለ። አሉሚኒየም ከማይዝግ ብረት በላይ ይሰፋል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊዮን 23 ክፍል ሲሰፋ ብረቱ 17 ያህል ነው። በጤናማው ሁኔታ እንኳ በ40 ሴንቲሜትር ርዝመት ላይ የሁለቱ ልዩነት ከሩብ ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል። ብሎኖቹ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሰሌዳውን አንቀው ከያዙት መስፊያ ያጣው አሉሚኒየም ይጎብጣል፤ ክፍተቱም ይሰፋል። ክፍተቱ ሲሰፋ አሉሚኒየሙ የበለጠ ይግላል፤ ሲግልም የበለጠ ይጎብጣል። በመጀመሪያ ቀን 0.3 ሚሊሜትር የተለካ ክፍተት ሥራ ላይ እያለ ያው ላይሆን ይችላል። ቀዳዳዎቹን ሞላላ ማድረግና ከብሎኑ ሥር የስፕሪንግ ቀለበት ማስገባት ለዚህ ነው።

እንዴት ይታወቃል?

በአሉሚኒየሙ ላይ ብቻ ያለ አንድ ቴርሞካፕል አይበቃም። በገንዳው ውስጥ አንድ ሚሊሜትር የኖራ ቅርፊት ቢጋገር፣ አስተላላፊነቱንም 1 ብንል፣ 10 አሃድ ይጨምራል፤ የአሉሚኒየሙ ጀርባም ከ105.8 ወደ 135.8 ያድጋል። የንክኪው ተቃውሞ ከ2 ወደ 12 አሃድ ቢበላሽም በዚያ ቴርሞካፕል ላይ የሚነበበው በትክክል ያው 135.8 ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ደረቁ የብረት ፊት ነው። ቅርፊት ከሆነ ከ98 ወደ 128 ይወጣል፤ ንክኪ ከሆነ 98 ላይ ይቀራል። ጥፋቱ ያለው የሙቀት መጠኑ ባልተለወጠው የመጨረሻ ነጥብና በተለወጠው የመጀመሪያ ነጥብ መካከል ነው፤ መረቡን የሣለ ሰው ይህን ፍለጋ በሁለት ቴርሞካፕል ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው ቴርሞካፕል የሚቀመጠው በብረቱ ደረቅ ፊት ላይ በተቀደደ ጠባብ ቦይ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በማይዝግ ብረት ውስጥ በዚህ ፍሰት የሙቀት መጠኑ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 2 ዲግሪ ይቀንሳል፤ የቦዩ ጥልቀት በግማሽ ሚሊሜትር ቢሳት አንድ ዲግሪ ይሳታል። በአሉሚኒየሙ ውስጥ ግን ያው ስሕተት ከአንድ አሥረኛ ዲግሪ አይበልጥም። የተለመደው የኬ ዓይነት ቴርሞካፕል በራሱ ከሁለት ዲግሪ በላይ ሊሳት ይችላል፤ የሁለቱ ስሕተት ሲጣመር 3 ዲግሪ ያህል ነው። 231 ዲግሪ ለመለካት ይህ ምንም አይደለም። ጤናማውን 6 ዲግሪ ለመለካት ግን ግማሹ ሄደ ማለት ነው። መፍትሔው ማሞቂያውን ሳያበሩ፣ ገንዳው በአንድ የሙቀት መጠን ላይ አድሮ፣ ሁለቱን ማንበብና ልዩነታቸውን መዝግቦ በኋላ መቀነስ ነው። ቋሚው የመሣሪያ ስሕተት በዚህ ይወገዳል።

ቴርሞካፕል በሌለበት ብሎኖቹ ራሳቸው መሣሪያ ይሆናሉ። ኃይሉና የውኃው የሙቀት መጠን ሳይለወጡ ብሎኖቹ ሲጠብቁ የሰሌዳው የሙቀት መጠን ከወረደ ጥፋቱ ንክኪው ላይ ነው፤ ቅርፊቱም ሆነ የብረቱ ውፍረት ብሎን መጥበቁን አያውቁም። ካልወረደ ግን ንክኪው ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ የጎደጎደ መሃልን የዳር ብሎን ላይደርስበት ይችላል።

በዚህ ገንዳ ላይ የተወሰደው እርምጃ ቀላል ነበር። የገንዳው ሥር በተቻለ መጠን ተስተካከለ፤ የቀረው ክፍተት አስተላላፊነቱ 2 ዋት በሜትር በኬልቪን በሆነ የሙቀት ቅባት ተሞላ። ስሌቱ እንዲህ ይላል፦ ክፍተቱ ምንም ሳይስተካከል ሙሉ 0.3 ሚሊሜትር ሆኖ በቅባት ብቻ ቢሞላ እንኳ ተቃውሞው 1.5 አሃድ፣ ልዩነቱም 4.5 ዲግሪ ነው፤ ቀጥ ካለ ደረቅ ንክኪ ያንሳል። ይህ ግን ቅባትን አብዝቶ መለቅለቅ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ቅባቱ የሚጠቅመው አየርን ስለሚተካ ነው፤ ብረት የሚነካካበትን ቦታ ከለየ ይጎዳል፤ አንድ ሚሊሜትር ከሆነ 5 አሃድና 15 ዲግሪ ነው። ብዙዎቹ የሲሊኮን ቅባቶች ከ200 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ስለማይቆዩ፣ ቅባቱ የሚቀባው ሰሌዳው ከመጋሉ በፊት፣ በአዲሱ ማሞቂያ የመጀመሪያ ቀን ነው። ደርቆ ከተሰነጠቀ ቦታውን መልሶ የሚወስደው አየር ነውና፣ በሰሌዳው ላይ በ150 ዲግሪ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አብሮ ተገጥሟል።